ከመተማ የተመለሰውን ልጅ «ደገኛ ነህ» አትበሉት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች ስለ ትንፋሽ የጸና እምነት አለ። ጉና ሥር የተወለደ ሰው ከፍታ አይጎዳውም፤ ሳንባው ሰፊ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያለከልከው ከቆላ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው ይባላል። የተማረውም ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ይደግመዋል፤ «ደገኛው በዘሩ ተላምዷል» ይላል። እምነቱ ጥቂት እውነት ባይኖርበት ኖሮ በቀላሉ በተተወ ነበር። አደገኛ ያደረገው ያ ጥቂት እውነት ነው፤ ሰዎች በእሱ ተማምነው ሰውነት በግልጽ የሚናገረውን ምልክት ችላ ይላሉ።

ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት የሰሊጥ ወቅትን ማሰብ ይበቃል። በየዓመቱ ከእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። ወራት ቆይተው ሲመለሱ በጎንደር፣ በወረታና በደብረ ታቦር አድርገው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ንፋስ መውጫ ይገባሉ። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ከሆነው ሜዳ ተነስተው ከ3,000 ሜትር በላይ ወጡ ማለት ነው። ቤት ደግሞ እህሉ ደርሶ ይጠብቃል። ልጁ በማግስቱ ነዶ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ትንፋሹ ቢያጥረው፣ ራሱን ቢያመው፣ «ቆላ አልፈስፍሶህ ነው፤ አንተ እኮ ደገኛ ነህ» ተብሎ ሥራው ይቀጥላል።

የዚህ ልጅ ሳንባ ከመሄዱ በፊት የነበረው ሳንባ ነው፤ አልጠበበም። የተለወጠው ትንፋሹን የሚያዙት የስሜት ሕዋሳት ልክ ነው። እነዚህ ሕዋሳት፣ ሐኪሞች ኬሞሪሴፕተር የሚሏቸው፣ በሁለት ቦታ ይገኛሉ። አንደኞቹ በአንገት ግራና ቀኝ፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ካሮቲድ ቦዲ በሚባሉ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጡ እጢ መሰል አካላት ውስጥ ናቸው። ኮርኔይ ሄይማንስ የተባለው የቤልጅየም ተመራማሪ በዚህ አካባቢ ያሉት ስሜት ተቀባዮች ትንፋሽን እንደሚመሩ በማሳየቱ የ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሁለተኞቹ በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል፣ በሜዱላ፣ ተቀምጠዋል። የአንገቶቹ በተለይ የኦክስጂንን ማነስ ይለያሉ። የአንጎሎቹ ግን ኦክስጂንን አያውቁትም። የሚያውቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ወደ አንጎል ፈሳሽ ገብቶ የሚፈጥረውን አሲድ ነው። በቆላ ተቀምጦ ለሚያርፍ ጤነኛ ሰው ትንፋሹን በዋናነት የሚመሩት እነዚህ የአንጎል ሕዋሳት ናቸው፤ ማለትም የምንተነፍሰው ከሁሉ በላይ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። መተማ ላይ ወደ ሳንባው የሚገባው አየር የኦክስጂን ግፊት 136 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነበር። ንፋስ መውጫ ሲደርስ ወደ 100 ይወርዳል፤ ከሩብ በላይ ቀንሷል። ትንፋሹ በቆላ ልኩ ቢቀጥል፣ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደነበረው 40 ላይ ቢቆይ፣ በሳንባው ከረጢቶች ውስጥ የሚቀረው የኦክስጂን ግፊት 50 ብቻ ይሆናል። ትንፋሹን አንድ አምስተኛ ያህል ቢጨምር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 33 ይወርድለትና ኦክስጂኑ ወደ 59 ከፍ ይላል። ዘጠኝ ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የደም ኦክስጂን መያዣ ሄሞግሎቢን ከ60 በላይ ባለው ግፊት ከዘጠና በመቶ በላይ ተሞልቶ ይቆያል፤ ከዚያ በታች በፍጥነት ይራቆታል። የአንገቱ ሕዋሳትም ጠንክረው መጮህ የሚጀምሩት እዚያው 60 አካባቢ ነው። የጋይንት ደጋ የተቀመጠው በዚህ ስብራት ጫፍ ላይ ስለሆነ ጥቂት ተጨማሪ ትንፋሽ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ታዲያ ልጁ ለምን ያንን ጥቂት ትንፋሽ በመጀመሪያው ቀን አይጨምርም? ይጨምራል፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የአንገቱ ሕዋሳት «ጨምር» ሲሉ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ አሲዱ ይቀንሳል። ያኔ የአንጎሉ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ተነፍሷል ብለው ልጓሙን ይስባሉ። ኦክስጂን ገና እንደጎደለ አያውቁምና። ይህ ግጭት የሚፈታው ቀን በቀን ነው። ኩላሊት ባይካርቦኔት የተባለውን አሲድ አርጋቢ በሽንት ያስወግዳል፤ የአንገቱ ሕዋሳትም ለተመሳሳይ የኦክስጂን ማነስ የሚሰጡት ምላሽ እየበረታ ይሄዳል። ትንፋሹ በተከታታይ ቀናት ከፍ እያለ ሄዶ በሳምንት ገደማ አዲስ ልኩን ይይዛል። ቆላ ሲወርድ ደግሞ ይኸው ሥራ ወደ ኋላ ይሄዳል። መተማ ላይ ወራት የቆየ ሰው በዚህ በኩል ከቆላ እንደመጣ እንግዳ ነው። የተወለደበት ቀበሌ የኩላሊቱን ሥራ አያፋጥንለትም።

የሌሊቱ እንቅልፍም ለዚህ ግጭት ምስክር ነው። አዲስ የወጣ ሰው ተኝቶ ሳለ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ትንፋሹ ለሰከንዶች ጸጥ ይላል፣ ደግሞ በድንገት ይነሳል። ከጎኑ የተኛ ሰው ይደነግጣል፤ ቅዠት ነው የሚልም አለ። ሁለቱ የሕዋስ ወገኖች እየተፈራረቁ ሲያዙ የሚታይ ነገር ነው፤ ብቻውን ከሆነ ጉዳት የለውም።

አሁን ሸክሙን እንጨምርበት፤ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ዳገት ላይ የምናለከልከው በደማችን ኦክስጂን ስላለቀ ነው ብለን ተምረናል። በቆላ መጠነኛ ሥራ ለሚሠራ ጤነኛ ሰው ይህ ትክክል አይደለም። ትንፋሹ ብዙ እጥፍ ሲጨምር የደም ቅዳው ኦክስጂንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከዕረፍት ጊዜው እምብዛም አይለዩም። ትንፋሹ የሚነሳው ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር ነው፤ ጡንቻን የሚያዘው አንጎል በዚያው ቅጽበት ትንፋሽንም ያዝዛል፤ ከእግር ጡንቻ የሚመጡ ነርቮችም ያግዙታል። ኬሞሪሴፕተሮቹ ስሕተቱን የሚያርሙ ናቸው። በአስም ምክንያት ሁለቱም ካሮቲድ ቦዲ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ይህን አሳይተዋል፤ ቀላል ሥራ ሲሠሩ ትንፋሻቸው ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛ ልኩ ላይ ይደርስ ነበር። ሥራው ከብዶ ደማቸው በላክቲክ አሲድ ሲሞላ ግን ትንፋሻቸው እንደ ሌላው ሰው ተጨማሪ ከፍ አላለም።

በጋይንት ዳገት ላይ ይህ ይቀየራል። ሸክም ሲኖር ልብ ይፈጥናል፤ ደም በሳንባ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በቆላ ኦክስጂንን ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ብዙ ስለሆነ ባጭር ጊዜም ደሙ ይሞላል። በደጋ ግፊቱ ስላነሰ ደሙ ሳይሞላ ያልፋል። ስለዚህ ተቀምጦ ሳለ 90 በመቶ የነበረ ሰው ነዶ ተሸክሞ ሲወጣ በግልጽ ይወርዳል። አሁን የአንገቱ ሕዋሳት በእውነት ይጮኻሉ። የልጁ ማለከለክ ስንፍና ሳይሆን እነዚህ ሕዋሳት ሥራቸውን እየሠሩ መሆናቸው ነው። «ጠንክር፣ አትቁም» ማለት ምልክቱን ማፈን ነው።

እምነቱን የሚደግፉ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ጥናት ያነሳሉ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው አሳትመዋል። የሰዎቹ የደም ኦክስጂን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖሩት ብዙ ያልራቀ ነበር። ጥናቱ ትልቅ ነው፤ ደገኛው በእርግጥ የራሱ መላመድ እንዳለው ያሳየ ነው። ነገር ግን የተመረመሩት በዚያው የሚኖሩ፣ በዕረፍት ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የተለካውም ደማቸው ነው። ከቆላ ትናንት ስለ ተመለሰ፣ ዛሬ ሸክም ስላለበት ሰው አንድም ቃል አይናገርም። ያንን ቁጥር ይዞ «የእኛ ሰው ኦክስጂን አይጎድለውም» ማለት ጥናቱን ያልተናገረውን ማናገር ነው። የአንዲስ ደገኞች የአንገት ሕዋሳት ለኦክስጂን ማነስ የሚሰጡት ምላሽ ደንዝዟል፤ የቲቤቶቹ ግን ብርቱ ሆኖ ቆይቷል። «ደገኛ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ሰውዬው ትንፋሽ ምንም እንደማያረጋግጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላው ልማድ ትንፋሽን እንደ መለኪያ ማመን ነው። «ትንፋሼ ደህና ነው፣ እንግዲህ ደህና ነኝ» ይባላል። የአንገቱ ሕዋሳት የሚለኩት በደም ውስጥ የሟሟውን ኦክስጂን ግፊት ነው፤ ሄሞግሎቢን የተሸከመውን ብዛት አይቆጥሩም። በብርድ ሌሊት በር ዘግቶ ከሰል የሚያነድ ቤተሰብ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የከሰሉ መርዝ ሄሞግሎቢንን ሲይዘው የሟሟው ኦክስጂን ግፊት አይቀየርም፤ ሕዋሳቱ አይጮኹም፤ ትንፋሽ ሳያጥር ሰው ይዝላል። የትንፋሽ ጸጥታ የጤና ማስረጃ አይደለም።

ከመተማ ወደ ተመለሰው ልጅ ስመለስ፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የከፋው መንገድ ነው። ከደጋ ተወልደው ቆላ ቆይተው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ የያዘባቸው ሰዎች በፔሩና በአሜሪካዋ ሌድቪል ከተማ ታይተዋል፤ ሌድቪል 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የተጎዱት «የለመዱ» የተባሉት፣ በተለይም ወጣቶቹ ነበሩ። ኦክስጂን ሲያንስ የሳንባ ደም ስሮች ይጠብባሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሸክም ሲታከልበት ፈሳሽ ወደ ከረጢቶቹ ይወጣል። በአገራችን ይህ ምልክት ሳንባ ምች ወይም የቆላ ወባ ተብሎ ለማለፍ ቀላል ነው። ትኩሳትም ትንሽ ሊኖር ይችላል፤ በምርመራ ወባ መገኘቱም የሳንባውን ውኃ አያስቀርም።

መለያው ከባልንጀራው ጋር ሲነጻጸር ይታያል። አብረውት የተመለሱት ዳገቱን ወጥተው ከዕረፍት በኋላ ትንፋሻቸው ሲሰክን፣ የእሱ ተቀምጦም የማይሰክን ከሆነ፣ ደረቅ ሳል ከጀመረው፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ ማደር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ይህ ድካም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሸክም ያልተጫነበት ሰው እዚህ የመድረስ ዕድሉ ያንሳል፤ አጨዳው ለሌላ እጅ ይሰጥ። ምልክቱ የታየበት ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ኦክስጂን ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። ኦክስጂኑ ካልተገኘ ወደ ወረታ በሚወርደው መንገድ፣ ሳይራመድ፣ ተቀምጦ በመኪና ይውረድ። የአምስት መቶ ወይም የሺህ ሜትር መውረድ ለሳንባው ከማናቸውም ክኒን የሚበልጥ መድኃኒት ነው።