ከደመወዝ የሚያሰናብተው ሁለተኛው መንጋ ነው

በቢሾፍቱ በግል ድርጅት የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ከጓሮዋ በሠራችው ቤት 300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት እንበል። የተጣራ ወርኃዊ ደመወዟ 18,000 ብር ነው። ዶሮዎቹ በሰባተኛው ወር ገደማ ጥሩ መጣል ሲጀምሩ፣ ማታ ማታ ደብተሯን ገልጣ ስትደምር ከደመወዟ እጥፍ የሚጠጋ ትርፍ ታገኛለች። በማግሥቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ብታስብ የሚፈርድባት የለም። እኔ ግን ደብዳቤው እንዲቆይ እከራከራለሁ። ምክንያቴም የሴትዮዋ ድፍረት ማነስ ወይም መብዛት አይደለም፤ የደብተሩ ስሌት ስሕተት ነው።

ስሌቱን እንመልከተው። ዋጋው ከወር ወር ስለሚለዋወጥ እዚህ የያዝኳቸው የብር መጠኖች ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ አንባቢ የገበያውን ዋጋ ሊተካ ይችላል። መንጋው በጣለበት ከፍተኛ ወር ከመቶ ዶሮ 85 እንቁላል ቢገኝ፣ በቀን 255፣ በወር 7,650 እንቁላል ይሆናል። አንዱ በ12 ብር ሲሸጥ 91,800 ብር ይገባል። አንድ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ ይህ ለ300 ዶሮ በወር ከአሥር ኩንታል በጥቂቱ ይበልጣል፤ ኩንታሉ በ4,500 ብር ቢገዛ 46,575 ብር ነው። ለሠራተኛ፣ ለመድኃኒት፣ ለጉዝጓዝና ለመጓጓዣ 11,000 ብር ሲቀነስ ወደ 34,000 ብር ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ አንድም የመደመር ስሕተት የለም።

ስሕተቱ ያለው በተመረጠው ወር ላይ ነው። ዶሮ እንደ ወፍጮ ተተክላ የምትኖር ንብረት አይደለችም። ጫጩት በ20 ሳምንቷ ገደማ መጣል ትጀምራለች፤ ከ28 እስከ 30 ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሰች በ72 ሳምንቷ አካባቢ መኖዋን የማትመልስ ትሆናለች። በመካከሉ ጥቂቶቹ ይሞታሉ። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ 285 ዶሮና 75 በመቶ ቢሆን ራሱ ደኅና አያያዝ ነው። በዚህ አማካይ የወሩ ትርፍ ወደ 21,800 ብር ይወርዳል፤ በ12 የመጣያ ወራት 261,000 ብር ገደማ ማለት ነው።

ከዚህም ገንዘብ የተወሰነው የእርሷ አይደለም፤ የሚቀጥለው መንጋ ነው። አንዷን ጫጩት ገዝቶ እስክትጥል ድረስ ማሳደግ፣ ስምንት ኪሎ ያህል መኖዋንና ክትባቷን ጨምሮ 550 ብር ቢፈጅ፣ ለ300 ዶሮ 165,000 ብር ያስፈልጋል። ያረጁት ለሥጋ ተሸጠው 81,000 ብር ቢመልሱ እንኳ 84,000 ብር ይቀራል። በማሳደጊያውና ቤቱን አጽድቶ በማሳረፊያው አምስት ወር ውስጥ የሠራተኛው 25,000 ብር አይቋረጥም። እነዚህ ሲቀነሱ ወደ 152,000 ብር ይቀራል። ይህ ገንዘብ ደግሞ የሚከፋፈለው ለ12 ወር አይደለም፤ የመጣያውን 12 ወርና እንቁላል የሌለበትን አምስት ወር ደምሮ ለ17 ወር ነው። ውጤቱ በወር 9,000 ብር ገደማ፣ የደመወዟ ግማሽ ነው። የእርሷ የራሷ ድካም ዋጋም ገና አልታሰበም።

በደብተሩ ያልታየው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ ደመወዙ ራሱ ነው። እርሷ ደመወዝተኛ እስከሆነች ድረስ የቤት ኪራዩና አስቤዛው ከእንቁላል አይወጣም፤ መኖ ሲወደድ ልዩነቱን የሚሸፍነው ደመወዝ ነው፤ ሆቴሉ በዱቤ ወስዶ ክፍያ ሲያዘገይ የሚያስታግሣት ደመወዝ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ከደመወዟ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪዋ 11 በመቶ ይጨምርላታል፤ ይህም ከለቀቀች ወዲያ በዶሮዋ ትርፍ ላይ የሚጨምርላት የለም። ደመወዝ ያለ ወለድ የሚያበድር ድብቅ ባለአክሲዮን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የጾሙ ወራትም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ትልቁ የእንቁላል ገዢ ይርቃል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። የጣለችው ይከማቻል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ኬክ ቤቱም ትእዛዙን ይቀንሳል። ለፋሲካ ገበያው ሲመለስ ሁሉም ሻጭ አብሮ ይመለሳል። መንጋዋ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ከጾሙ ጋር ከገጠመ ከላይ ያሰላነው 9,000 ብርም አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ጾም ሳታሳልፍ የምታወጣው አማካይ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

በሌላ አገር የተደረገ ጥናት ከዚህ አስተያየት ጋር ይቀራረባል። ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ተቀጥረው እየሠሩ ንግድ ጀምረው በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ንግዱ የገቡ ሰዎች፣ ሥራቸውን በአንድ ጊዜ ለቀው ከገቡት ይልቅ ንግዳቸውን የመተው ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ እንደነበረ አሳይተዋል። የአሜሪካን ውጤት በቢሾፍቱ ጓሮ ላይ በቀጥታ መለጠፍ እንደማይገባ አውቃለሁ። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች መካከል ሰውየው ተቀጥሮ ሳለ ስለ ሥራውና ስለ ራሱ መማሩ ግን ለእኛም ጉዳይ ይሠራል፤ የዶሮው ትምህርት ዙር 17 ወር ይፈጃልና።

በአንጻሩ የሚነሣው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ባለቤቷ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ስትውል መንጋውን ማን ያያል? የፈንግል በሽታ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል፤ ምልክቱንም ቶሎ የሚያየው በቤቱ የዋለ ሰው ነው። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን መከራከሪያው የሚያስረዳው የተሻለ ሠራተኛ መቅጠርን፣ ክትባቱን በቀኑ መስጠትን፣ የተበላው መኖና የተሰበሰበው እንቁላል በየዕለቱ መመዝገቡን ነው። ፈቃዷንም ጫጩቶቹ በሚገቡበት የመጀመሪያ ሳምንት ብትወስደው ይበጃል። እንቁላል በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከቀነሰ፣ ወይም መኖ ከገንዳው ከተረፈ፣ ማታ መዝገቡን የምታይ ባለቤትም ትነቃለች።

ታዲያ መቼ ትልቀቅ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ለመልቀቅ የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ የ30 ቀን ነው። አንዲት ጫጩት እስክትጥል የሚፈጀው 140 ቀን ያህል ነው። አደጋው ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። በእኔ አስተያየት የእንቁላሉ ገንዘብ ከደመወዟ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው መንጋ ከዚያ ሒሳብ ብቻ ተገዝቶ፣ ከዚያው ብቻ በልቶ፣ መጣል ይጀምር። ከደመወዟ አንድ ብር እንኳ ካበደረችው ፈተናውን አላለፈም።

ፈተናውን ሲያልፍ ቁጥሩም ሌላ መሆን አለበት። በሁለት ቤት እያፈራረቀች 600 ዶሮ ብትይዝና አንዱ ሠራተኛ ለሁለቱም ቢበቃ፣ በዚያው ስሌት የ17 ወሩ አማካይ በወር ወደ 23,000 ብር ይደርሳል። አንዱ ቤት ቄብ ሲያሳድግ ሌላው ስለሚጥል፣ ያለ እንቁላል የሚያልፍ ወርም አይኖራትም። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ብትጽፍ እኔም አልከለክላትም፤ የፋሲካን ማግሥት ሳይሆን የጾሙን አጋማሽ ደብተር አይታ እንድትጽፈው ብቻ እለምናታለሁ።