አሸናፊን ከመስኮት መመለስ፦ መብት ወይስ ነውር?

ቤቲንግ ቤት ደጋግሞ የሚያሸንፈውን ደንበኛ «ከዚህ በላይ አንቀበልህም» ሊለው ይገባል? በመካነ ሰላም የሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይገባዋል
*የስታቲስቲክስ መምህር*

ቲኬት የሚቆርጥ ወጣት ሁሉ «ስናሸንፍ ይከለክሉናል» ይላል። አብዛኛው ግን ማንም ሳይከለክለው ነው የሚበላው። ለምን እንደሆነ በስሌት እንየው። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው 2.10፣ አቻው 3.10፣ እንግዳው 3.20 ተሰጥቷል እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍላችሁ ስትደምሩት 1.11 ይመጣል። ቤቱ ምንም ባይወስድ ኖሮ ድምሩ ልክ 1 ይሆን ነበር። ስለዚህ በዚህ ኦድ ከተመደበ 100 ብር በአማካይ 90 ብር ገደማ ይመለሳል። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲደረደሩ ደግሞ የሚመለሰው 59 ብር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ የሚጫወተውን ሰው ቤቱ ምን ቸግሮት ይገድበዋል?

የሚገደበው ሌላ ነው። ሊሳንድሮ ካውኒትዝና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት ስለ ኳስ ምንም መተንበይ አላስፈለጋቸውም። የብዙ አቋማሪ ድርጅቶችን ኦድ አማካይ ወሰዱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከአማካዩ በጣም ከፍ ያለ ኦድ ሲያወጣ እዚያ ላይ ብቻ መደቡ። በእውነተኛ ገንዘብ 265 ጊዜ ተወራርደው ከ950 ዶላር በላይ አተረፉ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ግን ድርጅቶቹ የሚመድቡትን ገንዘብ ክፉኛ ቀነሱባቸው፤ አንዳንዱም ውርርዳቸውን ሠራተኛ ካላየው አልቀበልም አለ።

ድርጅት የሚከታተለው ማን እንደበላ አይደለም፤ ማን በጥሩ ዋጋ እንደገዛ ነው። አንድ ሰው ሐሙስ ዕለት በ2.20 ቆረጠ፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኦዱ 1.95 ደረሰ እንበል። ይህ ሰው ከመጨረሻው ዋጋ 13 በመቶ ያህል የተሻለ ገዝቷል። ይህን የሚደጋግም ሰው ሦስቴ ተከታትሎ ቢሸነፍ እንኳ ይታወቃል። አሥራ ሁለት ጨዋታ ደርድሮ በዕድል የበላውን ግን ማንም አይነካውም፤ ብሩን ይዞ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ኦድ ለገበያ የቀረበ ዋጋ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋጋ የሚያወጣው መላው ዓለም ስለሆነ ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ የሚቀበለው መደብ ጣሪያም ከፍ ይላል። በትንንሽ ሊጎች ግን ከቡድኑ ሰፈር የመጣ ሰው ከድርጅቱ ይበልጥ ሊያውቅ ይችላል። «የመጣውን ሁሉ ተቀበል» ብለን ብናስገድደው ድርጅቱ ለሁሉም ኦዱን ያወርዳል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ለመዝናናት 20 ብር የሚመድበው ይሆናል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ የፈረስ እሽቅድምድም ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 አወራራጆች እስከ ተወሰነ መጠን የማንንም ውርርድ እንዲቀበሉ አስገድዷል። ያ ግን ውድድሩን ራሱ የሚያስተዳድር አካል ነው፤ ለእኛ ኳስ አይሠራም።

አይገባውም
*የቀድሞ ቤቲንግ ቤት ገንዘብ ተቀባይ*

መምህራችን ስሌቱን አሳምረውታል፤ እኔ ደግሞ ከመስኮቱ በስተጀርባ ተቀምጬ ያየሁትን ልናገር። እኔ የሠራሁበት ቤት አብዛኛው ደንበኛ ጥሬ ብር ይዞ መጥቶ ወረቀት ቲኬት ቆርጦ ይሄዳል። አካውንት የሚባል ነገር የለም፤ አካውንቱ ፊቱ ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ቅዳሜ ተጋፍተው አሥር ጨዋታ ሲደረድሩ እሱ አሰላለፍ እስኪወጣ ይጠብቅና ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይመጣል። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ቲኬት፤ ወሬ የለውም። ሁልጊዜ አይበላም፤ ግን ኦዱ ከመውረዱ በፊት ይደርሳል። አንድ ቀን ከዋናው ቢሮ ተደወለልኝ፦ «ያ ልጅ ሲመጣ ከ50 ብር በላይ እንዳትቆርጪለት። ሲስተሙ እንቢ አለ በዪው።» እንዳዘዙኝ አልኩት። እሱም በ2.30 50 ብር ቆረጠ፤ ከመስኮቱ ሳይርቅ ስክሪኑ ላይ 2.05 ሆነ። ዕውቀቱን ተቀበሉት፣ ገንዘቡን መለሱበት።

በዚያው ቀን ጤፍ ሸጦ ከገበያ የመጣ ሰው 800 ብር ዘረጋልኝ። ማንም አልደወለም። ሲበላና እንደገና ሲመድብም አልተደወለም። ለተሸናፊ በሩ ወለል ብሎ የሚከፈት፣ ለአሸናፊ ግን «ሲስተም» የሚባልበት ቤት የሸቀጥ ሱቅ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ሱቅ ስኳር ሊሸጥልኝ ባይፈልግ ፊት ለፊት «አልሸጥም» ይለኛል፤ እኔን በሌላ ሰው አፍ አያስዋሸኝም።

ቲኬቱ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው የክፍያ ጣሪያም ያው ተንኮል ነው። ሰው አምስት ሺህ ብር ቢመድብ ማንም አይከለክለውም፤ ብዙ ሲበላ ግን «ከዚህ በላይ አንከፍልም» ይሉታል።

የመምህሩ መልስ

እኅታችን ሁለት ነገር ደባልቀዋል። የክፍያ ጣሪያ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ አስቀድሞ የታወቀ ወሰን ነው፤ የሚነካውም ብዙ ጨዋታ የሚደረድረውን ዕድለኛ እንጂ የእርስዎን አስተዋይ ልጅ አይደለም። እንዲህ ያለ መደባለቅ ነው ወጣቱን «ሁሉም ተንኮል ነው» የሚያሰኘው።

አሸናፊን በእርግጥ የሚያደቅቀው ሌላ ነው። የ2008 የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ የተሸነፉት ብርም አይቀነስም ነበር። ልጁ አሥር ጊዜ 1000 ብር በ2.20 መድቦ አምስቱን ቢያሸንፍ 1000 ብር ያተርፋል። ከእያንዳንዱ ድል 1200 ብሩ ብቻ ቢታሰብ እንኳ በዚያ ተመን ግብሩ 900 ይሆናል፤ እጁ ላይ 100 ብር ይቀራል። ከዚህ በኋላ የ50 ብር ገደብ ምን ያህል ያሳስባል?

የገንዘብ ተቀባይዋ መልስ

የግብሩን ለመንግሥት ይንገሩልን። እኔን ያበገነኝ «ለመዝናናት 20 ብር የሚመድበው ይከፍላል» ያሉት ነው። ለእሱ ታዝኖለት ያውቃል? ያ ሰው ዛሬም እየከፈለ ነው፤ ከመቶ ብሩ 59 ይመለሳል ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት! ለእሱ ሲባል ነው እንዴ ልጁ የተገደበው?

ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው ካሉኝ ይሁን፤ መደቡም እንደዚያው ይሁና። ለየትኛው ጨዋታ እስከ ስንት ብር እንደሚቀበሉ መስኮቱ ላይ ይለጥፉ፤ ዝቅ ያለ ቢሆንም ግድ የለኝም። ልጁም ባለጤፉም በዚያው ይቁረጡ። ጠርጥረው የሚመልሱት ሰው ካለ «አንፈልግህም» ብለው በራሳቸው አፍ ይንገሩት፤ ያቺን መስኮት ላይ ያለች ልጅ አያስዋሹ። ይህን የማይችል ድርጅት ፈቃዱ ለምን ይታደስለታል?