በእንግዳ ኮምፒዩተር ላይ የጠፋ ፊደል

ባለፈው ወር በንፋስ መውጫ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ የዓመቱን የሥራ ዘገባ ሊያቀርብ የተነሣ አንድ ወዳጄ በቤቱ ኮምፒዩተር ያዘጋጀውን በፍላሽ ይዞ መጥቶ በአዳራሹ ኮምፒዩተር በከፈተው ጊዜ፣ ሦስቱ የመጀመሪያ ስላይዶች ደኅና ሆነው ሳለ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ያለው አማርኛ የላቲን ፊደልና የልዩ ልዩ ምልክት ክምር ሆኖ ታየ። ወዳጄም ደንግጦ «ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሸብኝ» አለኝ።

ፋይሉ ግን ጤነኛ ነበረ። ፋይል የሚሸከመው የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥርና የፎንቱን ስም ነውና፣ ቁጥሩ እንደ ነፍስ ቢቈጠር ሥጋውን የሚያለብሰው በተከፈተበት ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ፎንት ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ስፍራ ብቻ ስለ ነበረው፣ እንደ ቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲን ፊደል መንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ስለዚህ ያ ፎንት በሌለበት ቤት የመንበሩ ቀዳሚ ባለቤት ላቲኑ ብቅ ይላል።

ጠቋሚውን በጽሑፉ ላይ አኑረን ከላይ ያለውን የፎንት ስም ብንመለከት ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ አይጠፋምና። በመጀመሪያዎቹ ስላይዶች Nyala ይላል፤ በአራተኛው ግን ከብዙ ዘመን በፊት ከተጻፈ ዘገባ ተቀድቶ የተለጠፈው ክፍል የቆየ ፎንት ስም ተሸክሟል። ወዳጄ ፎንቱን ወደ Nyala ለመለወጥ ቸኩሎ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ፈውስ የሚሠራው በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ሲታይ፣ ማለት ቁጥሩ የግዕዝ ሆኖ ፎንት ብቻ ሲታጣ ነው። ቁጥሩ የላቲን የሆነውን ጽሑፍ Nyala አማርኛ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ የወዳጄ ልጅ የቆየውን ፎንት ፋይል ከቤት በቴሌግራም ላከልን፤ በቀኝ ጠቅታ Install ብለን፣ ፓወርፖይንቱን ዘግተን ብንከፍተው ፊደሉ ሁሉ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ይህ ለዕለቱ ብቻ የሚበቃ መድኀኒት ስለ ሆነ፣ ማታ ተቀምጠን እነዚያን ስላይዶች በዩኒኮድ እንደ ገና ጻፍናቸው። ከዚያም File፣ Options፣ Save ገብተን Embed fonts in the file የሚለውን፣ ከሥሩም Embed all characters የሚለውን መረጥን፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋራ እንዲጓዝ የሚያደርገው ይህ ነው። ሆኖም ባለቤቱ እንዳይታቀፍ የከለከለው ፎንት በዚህ መንገድ አይሄድም።

አንድ ስውር እንከን ደግሞ አለ። በዊንዶውስ 10 ላይ Nyala የሚገኘው Ethiopic Supplemental Fonts የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ሲጫን ነው፤ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ Ebrima ይተካዋል። ፊደሉ ይነበባል፤ ነገር ግን የሁለቱ ስፋት አንድ ስላልሆነ መስመሩ ከጽሑፍ ሣጥኑ ይፈስሳል፣ ርእሱም ለሁለት ይሰበራል። ስለዚህ ወዳጄ ዛሬ በፍላሹ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ የሚታረመውን ፓወርፖይንትና፣ ማንም ኮምፒዩተር የማይለውጠውን ፒዲኤፍ።