«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚያባርረው ገዢን ነው

ፒያሳ ላፕቶፕ የሚሸጡ ሰዎች የሚለጥፉትን እዩ። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ከሥሩ በትልቁ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» ገዢው ገና ሳይጠይቅ በሩ ተዘጋበት። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ጉድ አለ ብሎ ቢጠረጥር ማን ይፈርድበታል?

ደግሞም ማስፈራሪያው ከሕግ አይበልጥም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ገዢው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል።

«ሰው ተጠቅሞ ይመልስብኛል» ትላላችሁ። ሕጉ የሚያወራው ስለ ጉድለት ነው እንጂ ሐሳቡን ስለቀየረ ሰው አይደለም። ስለዚህ «ጉድለት» የምትለዋን ቃል ጻፏት። የላፕቶፑን ሴሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስፍሩ፤ ሌላ ማሽን ይዞ የሚመጣ አይኖርም።

«ዋስትና አለው» ብሎ ዝም ማለትም ያው ነው። ስንት ወር? ባትሪውንስ ይጨምራል? ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ጠቡ የሚነሳው ከባትሪ ነው፤ ለብቻው ይነገር። መጀመሪያ የምታደርጉትን፣ ቀጥሎ ገደቡን ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል፦

ዋስትና፦ 3 ወር እኛው እናሠራለን፤ ባትሪ 1 ወር። የወደቀና ውኃ የገባበትን አይጨምርም።
መመለስ፦ ጉድለት ካገኙበት በ15 ቀን ከነደረሰኙ ያምጡት፤ እንቀይራለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን።
ማድረስ፦ አራዳ ውስጥ በዕለቱ፣ 200 ብር። ከፍተው አይተው ይክፈሉ።

ወሩንና ብሩን እንደ አቅማችሁ ቀይሩት፤ 15 ቀኗን ግን አትንኳት፣ የእናንተ አይደለችም። ይህን ለመጻፍ የሚፈራ ሻጭ፣ የሚፈራው ገዢውን ሳይሆን ዕቃውን ነው።