ስናሸንፍ «እኛ»፣ ስንሸነፍ «ቡድኑ»

የብዙ ክለቦቻችን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ አንደበት ከውጤቱ ጋር ይገለባበጣል። ሲያሸንፉ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፉ «ቡድኑ ተሸነፈ»፤ ሲብስም «ዳኛው ዘረፉን»። በ2010 ዓ.ም. ወልዋሎና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ እስከ መቋረጥ መድረሱን የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ቀልድ አያልፈውም።

ሮቤንና ጎባን እንውሰድ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ደጋፊው እርስ በርሱ አማችና ዘመድ ነው። እንበልና የሮቤ ቡድን ጎባ ላይ በ88ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሜዳ ዳር ሲጮህ የነበረው ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ተዘረፍን!» ብሎ ይለጥፋል። ማታ ቢያጠፋውም ስክሪንሾቱ ጎባን አዳርሷል።

ልጁን መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ፊሽካው በተነፋበት ደቂቃ ማንም አይረጋጋም። የድሉ፣ የአቻውና የሽንፈቱ ጽሑፍ ከጨዋታው በፊት ይጻፍ፤ በኋላ ውጤቱ ብቻ ይሞላ፦ «ዛሬ 1 ለ 0 ተሸንፈናል። ጎባዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እስከዚህ የተከተላችሁን ደጋፊዎቻችን፣ እናመሰግናለን።» የፍጹም ቅጣት ምቱ ቅሬታ በደብዳቤ ለውድድሩ አዘጋጅ ይሂድ።

«ፉክክር ያለ ተረብ አይጥምም» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ተረቡ ከጨዋታው በፊት ይሁን፣ ዳኛንና ብሔርን አይንካ።

ባሌ ላይ ደግሞ ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መውጣት አለበት። አንዱ ጨዋ፣ ሌላው ተሳዳቢ ከሆነ ሁለቱንም የሚያነበው የባሌ ሰው ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ ከመለጠፋቸው በፊት ሁለቱንም አንድ ሰው ጎን ለጎን ያንብባቸው።