የገና ቀሚስ እስከ ታኅሣሥ 4፣ የጥምቀት ቀሚስ እስከ ታኅሣሥ 18 ይዘዙ

በሰንጋ ተራ 40/60 ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለው የባህል ልብስ ቤታችን ለ2018 ዓ.ም. ገናና ጥምቀት ትእዛዝ መቀበል የሚጀምረው ሰኞ ኅዳር 15 ነው። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ደግሞ ሰኞ ጥር 11 ይውላል። የገና ቀሚሱን እስከ ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ላዘዘ ሰው ከዋጋው 15 በመቶ እንቀንሳለን። የጥምቀቱን እስከ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ላዘዘ ቅናሹ 10 በመቶ ነው። ከእነዚህ ቀናት በኋላ ለየበዓሉ አዲስ የሚሸመን ቀሚስ ትእዛዝ አንቀበልም። ተሠርተው ያለቁ ነጠላዎች፣ ጋቢዎችና የልጆች ልብሶች ግን እስከ ከተራ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጥር 9 ድረስ በመደበኛ ዋጋቸው ይሸጣሉ።

ቀኑን እንዲህ ያጠበቅነው ከራሳችን ጥፋት ተምረን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣውን ሰው ሁሉ «እሺ፣ ይደርሳል» እያልን እስከ በዓሉ ሳምንት ድረስ ትእዛዝ ተቀበልን። አንዲት እናት ለገና ያዘዙት ቀሚስ በዋዜማው ማታ ደረሰላቸው፤ ሲለብሱትም ልክ ነበር። ከበዓሉ በኋላ አንድ ጊዜ ቢታጠብ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጣ፤ ትከሻውም ጨመደደ። ጊዜ አጥሮን ጨርቁን ውኃ ሳናስነካው ቆርጠን ሰፍተነው ነበር። እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቀን ሌላ ሠራንላቸው። በዓሉን ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም።

የእጅ ፈትል ያለበት ጨርቅ መጀመሪያ ውኃ ሲነካ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከሸማኔው እንደመጣ ተነክሮ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ከዚያ ነው መቆረጥ ያለበት። ከእኛ ጋር የሚሠሩት ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ያሉ፣ ሙያውን ከጋሞ ደጋ ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ጥበቡ ቀጭን የሆነ ቀሚስ ከነነጠላው በእነሱ እጅ ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ጥበቡ ሰፊና ባለብዙ ቀለም ከሆነ እስከ 9 ቀን ይደርሳል። ለመንከርና ለማድረቅ ሁለት ቀን፣ ለመቁረጥና ለስፌት ሦስት ቀን ስትጨምሩበት 14 ቀን ይሞላል። ከታኅሣሥ 4 ቀሚሱን ለብሳችሁ እስከምትሞክሩበት ቀን ያለው ጊዜ ይኸው 14 ቀን ነው። ለጥምቀት 16 ቀን የያዝነው በመሃል የገና ዋዜማና የበዓሉ ዕለት ስላሉ ነው።

የቸኮለ ሸማኔ ማጉን በደንብ ሳይመታ ያልፋል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጨርቁን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርጉት። ጥሩ ሽመና ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያሳልፋል፤ የተቻኮለው ግን እዚህም እዚያም አግድም የሳሳ መስመር ይታይበታል። ስፌቱ መንሸራተት የሚጀምረውም እዚያ መስመር ላይ ነው። ጥበቡን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት። በክር የተሠራ ጥበብ በጀርባውም ክሩ ይታያል፤ በፋብሪካ የታተመው ግን ጀርባው ነጣ ወይም ደብዘዝ ይላል። የታተመውን መግዛት ነውር የለበትም፤ በሸማ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ግን እሺ አትበሉ። ወደ እኛ ስትመጡም ይህንኑ አድርጉ፤ መስኮታችን ሰፊ ነው።

የማዘዣው መንገድ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ በአካል መጥታችሁ ትለካላችሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። አካባቢው ላይ ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ወይም ንግድ ሥራ ኮሌጅ የምትማሩ በምሳ ሰዓት ብትመጡ ልኬቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በዓል ላይ የምትጫሙትን ጫማ ይዛችሁ ኑ፤ ቁመት የሚለካው ከነጫማው ነው። በጾመ ነቢያት የተለካ ወገብ ከገና በኋላ ትንሽ ስለሚሰፋ ለጥምቀት ቀሚስ በየጎኑ ሁለት ጣት የሚለቀቅ ትርፍ እንተዋለን።

ከዚያ ጨርቁንና ጥበቡን ትመርጣላችሁ። ቀለሙን ከስልክ ፎቶ ላይ ሳይሆን ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን ምረጡ። ስልክ ላይ ወርቃማ የሚመስለው ክር ብዙ ጊዜ በአካል ሲታይ ብርቱካናማ ነው። የመረጣችሁት ክር ቁራጭ በትእዛዝ ወረቀታችሁ ላይ ይጣበቃል። ቀሚሱ ሲመጣ ከዚያ ጋር አስተያዩት።

በመጨረሻ ግማሹን ትከፍላላችሁ፤ ቀሪውን ቀሚሱን ስትወስዱ። ለምሳሌ ዋጋው 9,000 ብር የሆነ ቀሚስ ከነነጠላው እስከ ታኅሣሥ 4 ለገና ካዘዛችሁ 1,350 ብር ተቀንሶ 7,650 ይሆናል፤ ስታዙ 3,825 ብር ትከፍላላችሁ። ያው ቀሚስ እስከ ታኅሣሥ 18 ለጥምቀት ከታዘዘ 8,100 ብር ነው፤ ቅድሚያው 4,050። ቅናሹ ከእኛ ትርፍ ላይ የሚነሳ ነው፤ ለሸማኔው የሚከፈለው አይነካም። በቴሌብር ወይም በባንክ የምትልኩ ከሆነ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚመጣላችሁን ስም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ጋር አመሳክሩ። ስሙ ከተለየ አትላኩ። ደረሰኝ ሳትይዙም ከሱቁ አትውጡ።

ለገና ያዘዛችሁ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ቀሚሱን ለብሳችሁ ለመሞከር ትመጣላችሁ፤ የምትወስዱት ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ነው። ለጥምቀት ሙከራው ሰኞ ጥር 4፣ መውሰጃው ዓርብ ጥር 8። እባካችሁ የሙከራውን ቀን አትዝለሉት። ክንድ ስር የሚይዝ ወይም ደረት ላይ የሚከፈት ቀሚስ የሚስተካከለው ያን ቀን ነው፤ በመውሰጃው ዕለት መፍታት ስንጀምር ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይቀራል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ማሠራት የምትፈልጉ፣ እሷ ራሷ ብትመጣ ይሻላል። መምጣት ካልቻለች በደንብ የሚሆናትን አንድ ቀሚስ ቤተሰብ ያምጣልን። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከብብት እስከ ብብት ለክተን በሁለት እናባዛለን፤ የትከሻውንና የቁመቱንም እንወስዳለን። «መካከለኛ ናት» ወይም «እንደኔ ናት» በሚል ብቻ አንቆርጥም፤ እንዲህ የተሠሩ ቀሚሶች ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀሩት።

በተባለው ቀን ካላደረስን፣ ወይም ጥበቡ ወረቀቱ ላይ ካለው ክር ከተለየ፣ የከፈላችሁት ቅድሚያ በዚያው ዕለት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይህም በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጣችኋል። ሰኞ ኅዳር 15 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩን እንከፍታለን፤ የበዓል ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ።