የመልስ ቁልፍ ነጋዴዎችና አንድ ሳምንት የቀራት ተፈታኝ

የ12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው አገሩ ሁሉ የመልስ ቁልፍ ነጋዴ ይሆናል። «የ10 ዓመት ጥያቄ ከነመልሱ» የሚል ፒዲኤፍ በየቻናሉ ይቸበቸባል። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡት ደግሞ «በ7 ቀን 1,000 ጥያቄ» እያሉ ወላጅ ያስከፍላሉ። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ ልጆቹን ማድከም እንጂ ማስጠናት አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። የወደቁት ሁሉ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ስላላገኙ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ካለ ይምጣ።

የጎረቤቴ ልጅ ሳምንት ሲቀራት መጥታ «ጋሼ፣ ፊዚክስ ሠርቼ ከመቶ 52 አገኘሁ፤ አልፋለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። «ስንቱን አውቀሽ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። አራት ምርጫ ባለው ፈተና 36 ጥያቄ አውቆ የቀረውን 64 በጭፍን የሞላ ተማሪ በአማካይ 16ቱ ይገጥሙለታል። ድምሩ 52 ነው። ነጋዴው የሚሸጥላችሁ ቁልፍ ይህን አይለይም፤ ለእሱ የገጠመ ሁሉ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። መጽሐፍ ተዘግቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን፣ እርማቱን ከማየቷ በፊት፣ ምልክት ታደርጋለች፤ እርግጠኛ ከሆነች ጭረት፣ ከጠረጠረች ጥያቄ ምልክት፣ ከገመተች ዜሮ። ሲታረም ዜሮ ያለበት ጥያቄ ቢገጥምም እንደተሳሳተ ይቆጠራል። ከሁሉ አደገኛው ግን ጭረት ተደርጎበት የተሳተው ነው፤ ተማሪዋ እንደምታውቀው እርግጠኛ ስለሆነች ተመልሳ አታየውም።

ሁለተኛው ቀን አዲስ ጥያቄ አይነካም። ወላጆች የሚቆጡት እዚህ ላይ ነው፣ «ቁጭ ብላ ዋለች» እያሉ። ከስህተቶቿ ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ ኳስ በ20 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ ቢወረወር ወደ እጅ ለመመለስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል ይላል፤ የስበት ፍጥንጥነቱ 10 ተብሎ ተሰጥቷል። 20ን ለ10 አካፍላ 2 ሰከንድ መረጠች። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን 2 ሰከንድ ኳሱ ጫፍ የሚደርስበት ጊዜ ነው፤ እስኪመለስ 4 ነው። ፈታኙ 2ን ከምርጫዎቹ ያስገባው ግማሽ መንገድ ላይ የምትቆመውን ልጅ አስቦ ነው። ሌላው ጥያቄ ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥንጥነቱ ስንት ነው ይላል። «ቆሟልና ዜሮ» ብላለች። ዜሮ የሆነው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥንጥነቱ ያው 10 ነው፣ ወደ ታች።

ሁለቱም በቁልፉ ላይ አንድ ዓይነት ኤክስ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያለማንበብ ነው፤ መድኃኒቱ የተጠየቀውን ቃል ማስመርና መልሱን ከማጥቆር በፊት ተመልሶ ማየት ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ስህተት ደብተሯ ላይ ምን እንደመረጠች፣ ለምን እንደማረካትና የት ላይ እንደተሰበረ በራሷ ቃል ትጽፋለች። «መልሱ ሲ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው።

ሦስተኛው ቀን የመጽሐፍ ነው። ስህተቶቹ የተከማቹባቸው ሁለት ወይም ሦስት ርዕሶች ብቻ ይነበባሉ፣ ምዕራፉ በሙሉ አይደለም። ቁልፉና መጽሐፉ ከተጣሉ መጽሐፉ ይመናል፤ በየቻናሉ የሚዞረውን ቁልፍ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከሥርዓተ ትምህርቱ ለውጥ በፊት የወጣ ጥያቄ ርዕሱ አሁን ባለው መጽሐፍ ከሌለ ይዘለላል።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን በሌላ አንድ ትምህርት ይኸው ይደገማል። ሁለት ትምህርት ብቻ፤ ስድስቱን ሁሉ የነካ አንዱንም አይጨብጥም። ማለፊያው በድምር ስለሚታይ፣ ምንም ከማይገባት ይልቅ ግማሽ አካባቢ የምትዋልልበትን መምረጥ ይሻላታል።

ስድስተኛው ቀን የተሳቱት ብቻ እንደገና ይሠራሉ፣ ምርጫዎቹ በወረቀት ተሸፍነው። መጀመሪያ መልሱን ትጽፋለች፣ ከዚያ ትገልጣለች። ሳትሸፍን ከሠራች የምታስታውሰው ፊዚክሱን ሳይሆን ፊደሉን ነው። ሰባተኛው ቀን ከሌላ ዓመት ወረቀት ግማሹን ትሠራና ድምሩን ትታ አንድ ነገር ትፈትሻለች፦ ግማሽ መንገድ ላይ መቆሙ ተደግሟል ወይስ አልተደገመም?

አራት ዓመት ያልተማረችውን ይህ ሳምንት አያስተምራትም፤ የላብራቶሪ በር ያላየችውን የገጠር ልጅማ ጭራሽ። ደብተሯን ያየሁላት ልጅ በሁለተኛው ቀን ማታ ከ64ቱ ግምቶቿ 19ኙ የምታውቃቸው ሆነው ቸኩላ ያለፈቻቸው መሆናቸውን ቆጠረች። እናቷ ለ1,000ው ጥያቄ የከፈሉትን ብር አስተማሪው እስካሁን አልመለሰም።